በአንድ ማታ የማያልቅ እርቅ

የዚህ ወር ጨዋታችን ከገዛ ቤተሰቤ የወጣ ነው። ባለጉዳዮቹ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ አንዱን “የአጎቴ ልጅ” እለዋለሁ፣ የታላቅ ወንድሙን ሚስት ደግሞ ሁላችንም እንደምንጠራት “እትዬ” እላታለሁ። የአጎቴ ልጅ የሚኖረው ሞጣ ነው፤ እትዬና ባሏ ቢቸና።

የአጎቴ ልጅ ሚስት ከዱባይ የተመለሰችው ጥምቀት ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነበር። ከመሄዷ በፊት በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ እሱ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለው። የጀመሩት ቤት ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ አልወጣለትም። ተማክረው፣ የአራት ዓመት ልጃቸውን ለእሱ ትታ ሄደች። ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ቆርቆሮውንም፣ በርና መስኮቱንም፣ የወለሉን ሲሚንቶም ላከች። ስትመለስ ዳቦ ተደፍቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነው የተቀበሏት።

ያን ማታ ከልጇ ጋር ተኛች። ናፍቆት ነው ተባለ። በማግስቱም ከልጇ ጋር ተኛች። በሦስተኛው ማታ፣ የከተራ ዋዜማ፣ ባሏ “ምነው?” አላት። “ከበዓሉ በኋላ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሳንመረመር አንድ አልጋ ላይ አልወጣም” አለችው። ለምን ሲላት ነገረችው። ከመመለሷ ስምንት ወር በፊት፣ በእረፍት ቀኗ፣ ዴራ በሚባለው ሰፈር ያገሯ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቤት ካወቀችው ሰው ጋር፣ አንድ ጊዜ።

የአጎቴ ልጅ አልመታትም፣ አልጮኸም። ታቦቱ ገብቶ ከተማው እልል ሲል እሱ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ደብረ ወርቅን አልፎ ቢቸና ወንድሙ ቤት ደረሰ። ታላቅ ወንድሙ እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ይህ ነገር እዚያ ቤት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደርሶ ነበር።

አንድ ጥፋት፣ ሁለት ፍርድ

ታላቅ ወንድሙ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ሕንድ አገር ቆይቷል። በተመለሰ በወሩ እትዬ ስልኩ ላይ መልእክት አየች። እሱም አልካደም፤ አንድ ጊዜ ነው አለ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ባሏ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ። ሽማግሌዎቹ “ወንድ ልጅ ነው፣ ሰው አገር ብቸኝነት ነው፣ ስለ እኛ ሽበት” አሏት። እትዬ “ይቅር ብያለሁ” አለች። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ሁሉም ነገር በአንድ ማታ አለቀ።

አሁን ተራው የሴቷ ሲሆን የቤተሰቡ ድምፅ ተለወጠ። ገና የአጎቴ ልጅ ቢቸና ሳይደርስ አንድ አጎታችን በስልክ “ሻንጣዋን አስይዛት” ብሎ ነበር። ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም በሰው አገር፣ ሁለቱም አንድ ጊዜ። ዘመድ የፈረደው ግን በጥፋቱ ሳይሆን በጾታው ነበር። ለእትዬ ይቅርታው ታዘዘላት፤ ለሞጣዋ ሚስት መባረሩ ታዘዘባት። ሁለቱም ጋ ያልተጠየቀው የተበደለው ሰው ነው።

የዚያን ማታ እትዬ ቡና እያፈላች እንዲህ አለችው፤ “አንተ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። እኔ በአንድ ማታ ይቅር አልኩ። አፌ ይቅር አለ እንጂ ምን ይቅር እንዳልኩ እንኳ አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩማ! ከዚያ ወዲያ ልጠይቅ ስል ‘ይቅር ብለሽ የለም ወይ?’ እባላለሁ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።” ባሏ እዚያው ተቀምጧል። ቀና አላለም።

እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ይቅር ማለትና አብሮ መኖር ሁለት ውሳኔዎች ናቸው። ሽምግልናችን በአንድ ጉባኤ ያጋባቸዋል፤ “ይቅር አልሽ፣ እንግዲህ ኑሪ” ነው ነገሩ። ግን ይቅር ብሎ መለየት አለ፤ ይቅርታው ገና ሳይመጣ ለመኖር መወሰንም አለ። ሁለቱን ለያይቶ ጊዜ መስጠት የተበደለውንም የበደለውንም ያድናል።

የሦስት ወር ቀጠሮ

እትዬ ለወንድሟ ያህል ለምትወደው የባሏ ወንድም የመከረችው “ሦስት ወር ቀጠሮ ውሰድ” ብላ ነው። የዘፈቀደ ቁጥር አይደለም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንደኛው ወገን የፍቺ አቤቱታ ሲያቀርብ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን እንዲያነጋግር፣ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ እንዲያደርግ፣ ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የአጎቴ ልጅ ፍርድ ቤት አልሄደም፤ ጊዜውን ግን ተውሶ ተጠቀመበት።

ሞጣ ተመልሶ ከሚስቱ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጻፉ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር መኝታ ቤት፣ እሱ ሳሎን ይተኛል። ነገሩን ከአራት ሰው በላይ አይሰማም፤ እነሱ ሁለቱ፣ እትዬና ባሏ። ስልክ የደወለው አጎትም “ራሳችን እንጨርሰዋለን” ተብሎ ቀረ። በባንክ ያለው ገንዘብ ያለሁለቱ ስምምነት አይነካም። ልጅ ባለችበት ስለዚህ ነገር አይነሳም። ቀጠሮው ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ ያበቃል።

ጎረቤት እንዳይጠረጥር ሰግተው ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ጭንቀቱ ቀለለ። በሃምሳ አምስቱ የጾም ቀን ባልና ሚስት አልጋ መለየታቸው ለማንም አያስገርምም። “ጾሙ ሸፈነልን” ብላ ሚስቱ ኋላ ነገረችኝ።

ምን ይጠየቃል፣ ምን አይጠየቅም

የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ሊጠይቅ የፈለገው “እንዴት ያለ ሰው ነው? ከእኔ ይሻላል?” የሚለውን ነበር። እትዬ በፊት “ፈልገሽ ነው ወይስ ተገደሽ?” ብለህ ጀምር አለችው። ይህ ጥያቄ በተለይ ከአረብ አገር ለምትመለስ ሴት የግድ ነው። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርቷም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በአሠሪዋ እጅ ነው። እምቢ ማለት የማትችል ሴት ላይ የደረሰ ነገር ክህደት አይደለም፤ የተፈጸመባት ወንጀል ነው። እሷ ይቅርታ አትጠይቅም፣ ይልቁንም ሕክምናና አጋር ያስፈልጋታል። ኀፍረት ይዟት “አጠፋሁ” ብላ የምትናገረው ሴት ውስጥ ተገድዳ የነበረች ልትኖር ትችላለች። የአጎቴ ልጅ ሚስት ግን “ማንም አላስገደደኝም። ራሴ ነኝ” አለች።

ቀጥሎ የሚጠየቁት ውሳኔውን የሚለውጡ ጥያቄዎች ናቸው። ጥንቃቄ ተደርጓል ወይ? ከሰውዬው ጋር አሁንም ትገናኛላችሁ? ሌላ የሚያውቅ አለ? ገንዘብ ተሰጣጥታችኋል? እኔን ለማታለል ምን ምን ዋሸሽ? የመጨረሻው ከሁሉም ከበደው። በዚያ ሳምንት በኢሞ ስትደውልለት “አሞኛል” ብላ ካሜራውን ዘግታ ነበር፤ እሱ ጸበል እንዲላክላት ሰው ሲያፈላልግ ነበር። ከድርጊቱ ይልቅ ያ ውሸት እንቅልፍ ነሣው።

የማይጠየቁት ደግሞ የገላን ነገር የሚዘረዝሩት ናቸው። መልሱ ውሳኔውን አይለውጠውም፤ ሥዕል ሆኖ ግን ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። የአጎቴ ልጅ አንዱን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሰምቷል፤ ዛሬም ባልጠየቅኩ ይላል።

ጤና ጣቢያው

እትዬ ያኔ አልተመረመረችም። ሽማግሌ ያስታረቀውን ባል “ደምህን አሳይ” ማለት እርቅ ማፍረስ መሰላት። ከዓመት በኋላ አርግዛ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትሄድ ለእናቶች ሁሉ የሚደረገው የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገላት። ውጤቱ እስኪነገራት የተቀመጠችባት አግዳሚ ወንበር ላይ “ባሌን የጠላሁት ያን ቀን ነው” ትላለች። ነጻ ነበረች። ግን ያን ፍርሃት ብቻዋን ተሸክማው ነው።

የሞጣዎቹ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ አብረው ሄዱ። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ እስከ ሦስት ወር ድረስ በተለመደው ፈጣን ምርመራ ላይታይ ይችላል። የእሷ ስምንት ወር ያለፈው ስለሆነ አንድ ምርመራ በቂ ነበር። ነገሩ የሆነው በቅርብ ከሆነ ግን ዛሬ ነጻ መባል አይበቃም፤ ሦስት ወር ሲሞላ ይደገማል፣ እስከዚያ በኮንዶም ወይም ተለይቶ ነው። ኤችአይቪ ብቻም አይደለም፤ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራም አብሮ ይጠየቃል። ሁለቱም ነጻ ወጡ። የአጎቴ ልጅ ከጤና ጣቢያው ሲወጡ ልቡ ውስጥ የመጀመሪያውን ለውጥ ያየው ያኔ ነው። የዋሸችው ሚስቱ እሱን ከበሽታ ልትጠብቅ ስትል ራሷን ያጋለጠች መሆኗን አሰበ። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

ቤቱ የማን ነው?

በሁለተኛው ወር እሷ ራሷ አንድ ነገር አቀረበች። “ቤቱን በስምህ አዙረው። ካሳዬ ይሁን” አለችው። ብዙ ሰው ይህን ቢሰማ ተገቢ ነው ይላል። እትዬ በስልክ ስትሰማ ግን ተቆጣች። “ቤት ተቀብለህ ይቅር ካልክ ሸጥክላት ማለት ነው። ነገ ስትጣሉ ደግሞ ቤት የሌላት ሴት ናት፤ ብትኖርም መሄጃ አጥታ ነው የምትኖረው” አለችው።

ሕጉም ከእትዬ ጋር ነው። በጋብቻ ዘመን ባልም ሚስትም በድካማቸው ያገኙት ገቢ፣ ዱባይ የተሠራም ይሁን ሞጣ፣ የጋራ ሀብት ነው። ቢፋቱ እኩል ይካፈሉታል፤ አንዱ አጠፋ ተብሎ ድርሻው አይወሰድም። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል፤ እሱ ግን ከሀብት ክፍፍሉ ተለይቶ የሚታይ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አመንዝራነት ወንጀል ሆኖ ተቀምጧል፤ ክሱ የሚነሳው የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤት ሲል ብቻ ነው። ይህንን የማነሳው “እከስሻለሁ” የሚለውን ቃል አንዳንዱ ቤት ለዓመታት እንደ ጅራፍ አንጠልጥሎት ስለሚኖር ነው። የሚከስ ይክሰስ፤ የማይከስ ከአፉ ያውጣው።

የንስሐ አባታቸውን በተመለከተም እንዲሁ የተምታታ ነገር ነበር። ጋብቻቸው የሰማንያ ነው። በቁርባን ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር፤ በቁርባን የተጋቡ የሚለያዩት በሞት ካልሆነ በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው። ሚስቱ ለንስሐ አባቷ ተናዝዛ ቀኖና ተቀበለች፤ ጾሙንና ስግደቱን ፈጸመች። የአጎቴ ልጅ “እንግዲህ እግዚአብሔር ይቅር ካላት እኔ ማን ነኝ?” ብሎ ተጨነቀ። ቄሱ የመለሱለት ደስ ይላል። ቀኖናው የእሷና የፈጣሪዋ ነው፤ አንተን አያስገድድህም፣ አንተም በእሷ ላይ ሌላ ቀኖና አትጨምርም አሉት።

ሚዛኑ

ታዲያ በምን ወሰነ? ሦስት ነገር ነበር የሚያየው። አንደኛው፣ ያንኑ ጥያቄ በሳምንት ልዩነት ሲደግምላት መልሱ አንድ ዓይነት ነው ወይ የሚል ነው። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ቢባልም የተጎዳ ሰው ይደጋግማል። እሷ ሦስቴም አራቴም ሳትቆጣ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ መለሰች። ታሪኩ በየጊዜው እያደገ የሚመጣ ቢሆን፣ መጀመሪያ “አንድ ጊዜ” የተባለው በወሩ “ሁለት ጊዜ” ቢሆን፣ ነገሩ ሌላ ነበር።

ሁለተኛው፣ ሳትጠየቅ የምታደርገው ነው። በየካቲት ሰውዬው ደወለ። እሱ ሱቅ ነበር፤ ባትነግረው አያውቅም። ማታ ነገረችው፣ ቁጥሩን ዘጋች። የስልኳን ሚስጥር ቁጥርም ሰጠችው። እሱ አንድ ሁለት ቀን ፈተሸና ተወው። “ፖሊስ ሆኜ መኖር አልችልም” አለኝ። ባልን ዘበኛ አድርጎ የሚቆም ትዳር ረጅም አይሄድም።

ሦስተኛው እሱ ራሱን ያየበት ነው። እትዬ “በሌላ ጠብ መሐል ስንት ጊዜ እንደምታነሳባት ቁጠር” ብላው ነበር። የመብራት ሒሳብ ሳይከፈል ቀርቶ ሲጨቃጨቁ “አንቺማ…” ብሎ የሚጀምረውን። በመጀመሪያው ወር ከደርዘን በላይ ቆጠረ። በሁለተኛው አምስት። በሦስተኛው አንድ። ያቺ አንዷም ልጃቸው ፊት ነበረችና በጣም አፈረ። ቁጥሩ እየጨመረ ቢሄድ ምን ታደርግ ነበር ስለው “እለያት ነበር። ልቀጣት ብዬ አብሬያት ብኖር ከእሷ የባስኩ እኔ ነኝ” አለኝ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ነገሩ በእውነት አንድ ጊዜ ሆኖ ያበቃ ከሆነ ነው። ግንኙነቱ ካልተቋረጠ፣ የተደበቀ ልጅ ወይም ሌላ ቤት ካለ፣ አጥፊው ይቅርታ ጠያቂ መሆኑ ቀርቶ ተቆጪ ከሆነ፣ ወይም በቤቱ ዱላና ማስፈራሪያ ከገባ የሦስት ወር ቀጠሮ ማራዘሚያ ብቻ ነው የሚሆነው። እዚያ ቤት በቅድሚያ የሚታሰበው ደኅንነት ነው።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በማክሰኞው የአጎቴ ልጅ ፍራሹን ከሳሎን አነሳ። ለሚስቱ ያላትን ቃል በቃል ነግሮኛል፤ “አብሬሽ እኖራለሁ፣ ይህን ወስኛለሁ። ይቅርታው ግን ገና ሙሉ አልሆነም፤ እየመጣ ነው። አልዋሽሽም።” እሷም “እጠብቃለሁ” አለችው። ሽማግሌ አልነበረም፣ ድንጋይ አልነበረም። እኔ ግን ብዙ እርቅ አይቻለሁ፤ እንደዚህ እውነት የሆነ ጥቂት ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን የጥምቀት ማታ ቢቸና፣ እትዬ ቡና እያፈላች ስትናገር ባሏ አቀርቅሮ ሲሰማ ነበር ብያችኋለሁ። ሌሊቱን አልተኛም አሉ። ጠዋት እንግዳው ከሄደ በኋላ ማዕድ ቤት ገብቶ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና “ያኔ ልትጠይቂኝ የፈለግሽውን አሁን ጠይቂኝ” አላት። እትዬ ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን ታጥባ መጥታ ተቀመጠች። ስንት ጥያቄ እንደጠየቀችው አልነገረችኝም። ብቻ ያን ቀን እንጀራው ሳይጋገር መሸ።

ወር ሰው ይበለን።